ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንዲት አንባቢ፣ ቴሌቪዥናቸው ሳይታሰብ በስፓኒሽ ማውራት እንደጀመረና አዲስ ሊገዙ እንደሆነ ጽፈው ነበር። እባካችሁ እንዳይገዙ ንገሩልኝ። እኛም ቤት ይኸው ሆኗል። ጥፋቱ የልጄ ነበር፤ ሪሞቱ ላይ `SAP` የምትለዋን ቁልፍ ነካክቷት ነው። እሳቸውም ያቺን ቁልፍ ደጋግመው ቢጫኑ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ሪሞታቸው ላይ `MTS` ወይም `AUDIO` ተብላም ልትጻፍ ትችላለች።

እዚህ አሜሪካ ጣቢያዎች ከዋናው ድምፅ ጎን ሁለተኛ ድምፅ ይልካሉ። በዚያ መስመር አንዳንዱ ፕሮግራም በስፓኒሽ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ማየት ለተሳናቸው የሚሆን የምስል ገለጻ ይዞ ይመጣል። ተዋንያኑ ዝም ሲሉ ተራኪ ይገባና በሩን ማን እንደከፈተ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ በአጭሩ ይናገራል። ለእኛ ቤት የሚያስፈልገው ይሄኛው ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ በግላኮማ ዐይናቸውን ካጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የእንግሊዝኛ መምህር ስለነበሩ ቋንቋው አይቸግራቸውም። የቸገራቸው ፊልሙ ጸጥ ሲል ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ገለጻውን ለማብራት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የድምፅ ቋንቋውን ብቀያይር ምንም ለውጥ የለም። ኬብል ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ አንድ ነገር አስጫነችኝና የኬብሉ ሳጥን የሜኑውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አባቴ ትንሽ አዳመጡና "ይሄ እኮ ለእኔ ሳይሆን ለሪሞቱ ነው የሚያወራው" አሉ። ልክ ናቸው፤ ሜኑ ማንበቢያው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፣ ስልክ የሚያነሱትም ጭምር።

በኋላ ነው የገባኝ። ኬብል ያለው ሰው ድምፁን የሚመርጥለት ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ አንዱን ድምፅ ብቻ ለቴሌቪዥኑ ያቀብላል፤ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚመረጥ ነገር አይኖርም። የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ የሚሠራው በአንቴና ለሚያይ ነው። እኔም ሳጥኑ ሜኑ ውስጥ `Audio Language` የሚለውን አገኘሁ። ያሉት ምርጫዎች `English` እና `Spanish` ብቻ ናቸው። ተስፋ ቆርጬ `Spanish`ን ስነካው ገለጻው በጠራ እንግሊዝኛ መጣ! ለካ አንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖችና ሳጥኖች የገለጻውን ምልክት ስለማያውቁት፣ ጣቢያዎች የሌላ ቋንቋ ስም ለጥፈው ይልኩታል። ስለዚህ ስሙን አይታችሁ እንዳትተዉት። ከፍታችሁ አዳምጡ።

ስትሞክሩት ደግሞ በዜና ወይም በኳስ አትሞክሩ፤ ገለጻ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ያኔ የምትሰሙት ያንኑ የተለመደውን ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ጣቢያ ላይ ደግሞ ጭራሽ ጸጥታ ነው። የምሽት ድራማ ላይ ሞክሩ። በትልልቅ ከተሞች አካባቢ ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ፎክስና ኤንቢሲን የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች በየሦስት ወሩ 87.5 ሰዓት ገለጻ ያለው ፕሮግራም እንዲያቀርቡ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው የኤፍሲሲ ደንብ ያስገድዳቸዋል። ትልቅ ቁጥር ይመስላል እንጂ ለየቀኑ ሲካፈል አንድ ሰዓት አይሞላም። ለዚህ ነው አንዱ ድራማ ሲናገር ቀጣዩ ዝም የሚለው። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት አፖች ደግሞ የየራሳቸው ምርጫ ስላላቸው ይህንን ሴቲንግ አይሰሙም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልም እያያችሁ በስክሪኑ ግርጌ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሲያልፍ፣ አብሮ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ለጌጥ አይደለም። ማየት የማይችል ሰው ወደ ሁለተኛው ድምፅ እንዲሄድ መጥሪያ ነው፤ እዚያ ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሙሉውን ይነበባል። አባቴ ይህን ከማወቃቸው በፊት "ደግሞ ምን ነካው" እያሉ ድምፁን ይቀንሱ ነበር።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ገለጻ እዚህ ጣቢያዎች ላይ ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አባቶችና እናቶች ይህ ሁሉ ብዙም አይጠቅማቸውም። እኛ ቤት ግን ሌላ ነገር መጥቷል። እናቴ ታያለች፣ እንግሊዝኛው ግን አይገባትም። አሁን ማታ ማታ አባቴ የሰሙትን ለእሷ ይተረጉሙላታል። እሷ ደግሞ ተራኪው የዘለለውን፣ በተለይ የሴቶቹን ቀሚስ፣ ትነግራቸዋለች።

አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ