ለይድነቅ፣ ስለ አሥሩ ቤቶች

ይድነቅዬ፣ ሰላም ነው? እማማና ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ከጥጋብ እንዳይመስልህ። «እዚህ አሜሪካ ያሉ ሰዎችን አሥር ኮንዶሚኒየም ይዘን የቤት ማስተዳደር ሥራ ብንጀምር ያዋጣል?» ያልከውን በወጉ አስቤበት ነው የምጽፍልህ።

ሒሳቡን አብረን እንየው። የአንዱ ቤት ኪራይ በወር 18,000 ብር ነው እንበል። አሥሩ 180,000 ያስገባሉ። ከዚያ 10 በመቶ ብንወስድ 18,000 ነው። አንድ ተላላኪ ሠራተኛ 9,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 4,000፣ ሒሳብ ሠራተኛ 3,000፤ ይኸው 16,000 ሄደ። 2,000 ብር ቀረን። ሁለት ቤት አንድ ወር ባዶ ካደሩ ደግሞ ገቢያችን 14,400 ይሆንና ከኪሳችን እንጨምራለን።

ስለዚህ ተከራይ ስናስገባ የአንድ ጊዜ ክፍያ ያስፈልገናል፤ የግማሽ ወር ኪራይ በቂ ነው። ግን ብዙ አትጠብቅበት። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ተከራዮቹ ሁለት ሁለት ዓመት ቢቀመጡ በዓመት የምናስገባው አምስት ሰው ነው። 45,000 ብር፣ በወር 3,750። ከላይ ካለው ጋር ሲደመር 5,750 ይቀረናል። የኪራይ ጭማሪውም መንግሥት ከሚያወጣው ጣሪያ አያልፍም፤ የሠራተኛው ደመወዝና የታክሲው ዋጋ ግን ጣሪያ የላቸውም። እኔ ያለ ደመወዝ ስሠራ ነው ይህ ሁሉ፣ ልብ በል። አሥር ቤት ሥራውን መልመጃ ነው፤ እንጀራ የሚሆነው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው ቤቶቹ የት እንዳሉ የምጨነቀው። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ከሆነ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። አሥሩም አንድ ሳይት ላይ ከሆኑ ግን አንድ ሰው በእግሩ ያዳርሳቸዋል። የቧንቧ ሠራተኛውም አንዱ ነው፣ ጥበቃዎቹም ያውቁናል፣ የብሎኩ ኮሚቴም ስልካችንን ይዟል። ከዚያ ሳይት ውጪ ያለውን ቤት፣ የአክስትህም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት አልቀበልም።

ውክልናው ላይ ጠንቀቅ በሉ። እዚያ ኤምባሲ ተረጋግጦ እዚህ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ማለፍ አለበት። ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ውል ማስመዝገብ፣ ገቢዎች ቀርቦ ግብር መክፈል፣ ተከራይን መክሰስ፤ ሁሉም በስማቸው ይጻፉ። አንድ ቃል ጎድሎ መስኮት ላይ «ይኼ የለበትም» ከተባልን ወረቀቱ ዳግመኛ ባሕር ይሻገራል። መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ግን «አይችልም» ተብሎ ይጻፍ። ያለ ልዩ ውክልና ድሮም አይቻልም፤ ሆኖም ባለቤቱ በዓይኑ ሲያየው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ሕጉ ራሱ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። እኔ የምለው የባለቤቶቹ ኪራይ የሚገባበት ሒሳብና የእኛ ሒሳብ ይለያዩ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በሦስተኛው ወር የማን ብር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ባለቤቱ ለጥገና 10,000 ብር ያስቀምጥልናል። እስከ 3,000 ያለውን እኛው ወስነን እንሠራለን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፎቶ ልከን እሺታውን እንጠብቃለን።

ተከራይ ሲገባ ቁልፍ ከመስጠታችን በፊት ቤቱን አብረን እንዞራለን። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ በፎቶ ይያዛል። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር እየዞረች ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህን ችላ ያለ ሰው የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ቀለም ይቀባል። እርጥበቱ እዚያ ታች ነው የሚታየው፤ ተከራያችን ደግሞ «እኔ ምንም ውሃ አላየሁም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ያቺን መዘውር በየሦስት ወሩ እናያታለን፤ ጉብኝቱም ውሉ ውስጥ ይጻፋል።

ፈቃዱንና የግብር መለያውን ለእኔ ተውልኝ፤ አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። አንተ እዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን ሰዎች ሦስት ነገር ጠይቅልኝ፦ ቤቱ የትኛው ሳይት ነው፣ ካርታው በማን ስም ነው፣ አሁን ውስጡ ያለው ሰው በምን ውል ገባ? የመጨረሻው ላይ «ዘመዴ ነው፣ ውል የለውም» የሚል መልስ ከመጣ ከአሥሩ አትቁጠረው።

ወንድምህ
ሲሳይ