የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ነፋስን ተቃውሞ የሚሄድ ጀልባ

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ባለ ሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዴት ሊሄድ ይችላል የሚል ነበር። አባላቱ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ከቀላል እንጨት ሠርተው፣ ሸራውን ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው፣ መሪው ከአሮጌ የመጫወቻ መኪና በወጣ ሪሞት እንዲታዘዝ አደረጉ። በጣና ዳርም ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ሲነፍስ፣ 20 ሜትር ርቆ በድንጋይ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን መድረሻ ሆነ።

የመጀመሪያው ጀልባ እንደ ቅጠል ወደ ጎን እየተንሸራተተ ተመለሰ። ጥፋቱ ከሆዱ ሥር ወደ ውኃ የሚወርደውን ሳንቃ አሳጥረን መሥራታችን ነበር። ሸራው በትክክል ሲወጠር በነፋሱ የሚፈጠረው ኃይል በአብዛኛው ወደ ጎን፣ በጥቂቱ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሳንቃው የጎኑን ኃይል ሲቋቋም ጀልባው በጣት መካከል እንደተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ወደ ፊት ያመልጣል። ሳንቃው ሲረዝም መንሸራተቱ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ያም ሆኖ ባለ ሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይችልም። አፍንጫው ወደ ነፋሱ ከ45 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲቀርብ የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ይጀምራል፤ ያ እርግብግብታ ጉልበቱ መጥፋቱን የሚናገር ምልክት ነው። ስለዚህ ጀልባው አንድ ጊዜ ነፋሱን በግራ፣ ሌላ ጊዜ በቀኝ እየተቀበለ በዚግዛግ ይወጣል። መንገዱ ከነፋሱ አቅጣጫ በ45 ዲግሪ ቢርቅ 20 ሜትር ለመውጣት 28 ሜትር ያህል ይበቃ ነበር። የእኛ ጀልባ ግን ወደ ነፋሱ በጣም ሲጠጋ ፍጥነቱን አጥቶ ይበልጥ ስለሚንሸራተት፣ አፍንጫውን ወደ 50 ዲግሪ አስፍተን መንሸራተቱን ስንጨምርበት ትክክለኛ መንገዱ 60 ዲግሪ ሆነ፤ ርቀቱም 40 ሜትር ደረሰ። ረጅሙ መንገድ በሰዓት ሲለካ ፈጣኑ ሆኖ መገኘቱን ተማሪዎቹ ለማመን ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ እኔም ብሆን ሦስት ጊዜ እንዲለኩት አዝዣለሁ።

ይበልጥ ያስቸገረን መዞሩ ነበር። ጀልባው አፍንጫውን በነፋሱ ፊት ሲያሳልፍ ሸራው ለቅጽበት ሥራ ስለሚያቆም፣ የሚያሻግረው ቀድሞ የያዘው ፍጥነት ብቻ ነው። መሪው በድንገት ከተጠመዘዘ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ ፍጥነቱን ይበላዋል፤ ጀልባውም ነፋሱን ፊት ለፊት እያየ ይቆምና ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይገፋል። በመጨረሻ ሪሞት የያዘችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመጀመሪያ አፍንጫውን ጥቂት ከነፋሱ አርቃ ፍጥነት ታሰባስብና መሪውን ቀስ ብላ ታዞረው ጀመር። በግንቦት ወር ጀልባው አራት ጊዜ ዞሮ ጀሪካኑን በግራ በኩል አለፈ፤ ለመልሱ ጉዞ የሸራው ገመድ ሊረዝም ይገባው ነበርና አጭሩን ገመድ እንደያዘ ተንገዳግዶ ዳርቻው ላይ ደረሰ።