ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፦ ቃል የተገባልኝ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የተነሳው

ጅማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ፋይሌ ላይ «ጭንቀት» ተብሎ የተጻፈው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ፋይሌ እናንተ ጋ ስላለ ታሪኬን ከሀ አልጀምርም። በአምስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ መጥቻለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ነው። ማክሰኞ ኅዳር 10።

ከዚያ በፊት መስከረም 24 ቀን ሐኪማችሁ እንዲህ ብለውኝ ነበር። «ልብሽ ሲመታ የተነሳ ኢሲጂ ከሌለ ምንም ማለት አልችልም። ሲጀምርሽ ወዲያው ነይ። ካርድ ሳታወጪ፣ ሳትሰለፊ ይነሳልሻል።» በቀጠሮ ወረቀቴ ጀርባም በእጃቸው ጻፉልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ትክክለኛ ምክር ነበር፣ አመስግኜ ነው የወጣሁት። ልብ ደህና ሲመታ የሚነሳ ኢሲጂ የዚያን ደቂቃ ልብ ነው የሚያሳየው። አንዳንድ ጊዜ ከተፈጥሮ የመጣ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ካለ ምልክቱ በሰላሙም ጊዜ ይታያል። ብዙ ጊዜ ግን ምንም አይታይም።

ኅዳር 10 ጠዋት 3 ሰዓት ከ50 ላይ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠመኔ ወደቀብኝና ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ልቤ አንዴ «ድም» አለ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጋለበ። ቀስ ብሎ አልጨመረም። አንገቴ ላይ የሚመታው ለተማሪዎቼ ሳይቀር ይታይ ነበር። ያኔ አልፈራሁም። ስለ ስሌት እያስተማርኩ ነበር፣ የሚያስጨንቀኝም ነገር አልነበረም። ፍርሃቱ የመጣው ከደቂቃ በኋላ፣ ልቤ አልመለስ ሲለኝ ነው። ጣቴ ላይ የማደርጋትን የልብ ምት መለኪያ ከቦርሳዬ አወጣሁ። 189 አለች። ከዚያ 188፣ 190፣ 189። ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከፈረንጅ አራዳ ወዲህ እስክደርስ ድረስ ቁጥሩ ከዚያ አልወረደም፣ አልወጣም። ቀስ ብዬ ተነፈስኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ቁጥር እንኳ አልቀነሰም።

4 ሰዓት ከ10 ላይ መስኮታችሁ ጋ ደረስኩ። ወረቀቱን አሳየሁ። ልጅቷ ሳታየው «መጀመሪያ ካርድ፣ ከዚያ ክፍያ» አለችኝ። «እህቴ፣ አሁን እየመታ ነው፣ ቁጥሩን እዪው» አልኳት። «ሁሉም ሰው ታሞ ነው የመጣው» አለች። ይህ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ሐኪሙ የጻፉትን ማንበብ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሲስተም የለም ተባለ። ከዚያ መጣ። ከዚያ ገንዘብ ቤቷ ዝርዝር የላትም ተባለ። ወንበር ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈተው ብሩን ከፈሉልኝ። በኋላ ፈልጌ መለስኩላቸው። የእናንተ ሠራተኛ ግን ከመስኮቷ አልተነሳችም።

4 ሰዓት ከ50 ላይ አልጋ ላይ ወጣሁ። የደረት ገመዶቹ ሲለጠፉ ልቤ አንዴ ቆም አለና በደንብ መምታት ጀመረ። መብራት እንደሚጠፋ ነው ያቆመው። ቴክኒሽያኑ የህትመቱን ወረቀት ሰጠኝ፣ ልብ በደቂቃ 96፣ መደበኛ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን ቆመው አዩና «አየሽ? ምንም የለሽም። ጭንቀት ነው አልንሽ እኮ። ሥራ ቀንሺ፣ ቡና ተዪ» አሉኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። እንዴት ጀመረ? እንዴት ቆመ? ልክ ስንት ነበር? የጣት መለኪያዬን ፎቶ ላሳያቸው ስል «እሱ አይታመንም» ብለው ወጡ። ከዚያ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ብዙ ብዙ። ይህንንም የሚሰማኝ አልነበረም። የኢሲጂውን ክፍያ ግን ደረሰኝ ቆርጣችሁ ሰጣችሁኝ።

ልገልጽላችሁ የምፈልገው ነገር አለ፣ ምክንያቱም «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል አልከበደኝም። ጭንቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ እውነተኛ የፓኒክ ጥቃት ደርሶብኛል። ፓኒኩንም ይህኛውንም በደብተር ጽፌአለሁ። የሐምሌውን አንዱን ላንብብላችሁ። ማታ ተኝቼ ስለ እሷ ሳስብ ደረቴ ጠበበኝ። ልቤ 104፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 122፣ ከዚያ 131፣ ከዚያ 118። እጄና ከንፈሬ ነዘረኝ፤ ይህ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ የሚመጣ ነው። እህቴ እጄን ይዛ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ አደረገችኝ። ቁጥሩ እየተንሸራተተ ወረደ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ 90 ሆነ። መቼ እንዳበቃ ሰዓቱን መናገር አልችልም፣ ቀስ ብሎ ነው የጠፋው።

የኅዳሩ ሌላ ነው። በአንድ ምት ጀመረ፣ በአንድ ምት ቆመ። ቁጥሩ አልተወዛወዘም። የመተንፈሱ ዘዴ አልነካውም። እኔ 34 ዓመቴ ነው። በተለምዶው ግምት 220 ሲቀነስ 34፣ 186 ነው። ይህ ሰው ተራራ ሲሮጥ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፣ ግምት ቢሆንም። ተቀምጬ 189 ከሆንኩ ደግሞ የፈራ ልብ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም ነበር። ፍርሃት ልብን ያፋጥናል፣ ግን የልብ ተፈጥሯዊ ምት መሪ ነው የሚያፋጥነው። ፍጥነቱ ከስሜት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በኔ ላይ ኤሌክትሪኩ በክብ መንገድ እየዞረ ራሱን ይነዳ ነበር። ለዚያ ነው ቁጥሩ የማይነቃነቀው፣ ክቡ ሲቋረጥም በአንዴ የሚያቆመው።

ይህን ያወቅሁት ከእናንተ አይደለም። ታኅሣሥ 2 ቀን እንደገና ያዘኝ። ወደ እናንተ አልመጣሁም። ሌላ ጤና ተቋም ገባሁ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ወዲያው አስተኛችኝና በአራት ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሳ። 188፣ አንድ ወጥ፣ ወረቀቱ ላይ ጠባብ ሆኖ የሚታይ ምት። ሐኪሙ ኤስቪቲ ይባላል አሉኝ፣ ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት ማለት ነው። ከፊል ቀና አድርገው አስቀመጡኝና ባዶ ሲሪንጅ ውስጥ ለ15 ሰከንድ በኃይል እንድነፋ አደረጉኝ፣ ከዚያ ወዲያው አጋደሙኝና እግሬን ለ15 ሰከንድ ከፍ አድርገው ያዙልኝ። በሁለተኛው ሙከራ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ፈጣኑ ምት፣ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ መደበኛው። ይህን ዘዴ በራሴ የምሞክረው ደህና ከሆንኩ ብቻ እንደሆነ፣ ራሴን ልስት ካልኩ፣ ደረቴን ካመመኝ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ ወዲያው እንድመጣ ነገሩኝ። ሕክምናው ቀጥሎ ምን እንደሚሆንም አብረን ተወያየን።

እኚህ ሐኪም አንድ ነገር አክለውልኛል። እንደ እኔ ኤስቪቲ ያለባቸው ሰዎች ስለሚፈሩ፣ ስለሚያልባቸው፣ ስለሚንቀጠቀጡ፣ ታሪካቸው ብቻ ከተሰማ ፓኒክ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከ107 እንደዚህ ዓይነት ታካሚዎች 67 በመቶው የፓኒክን መመዘኛ ያሟሉ ነበር። እሳቸውም ምልክቶቼን ብቻ አምነው አልወሰኑም። ፓኒክም በእንቅልፍ መሐል ያለ ምክንያት ሊቀሰቅስ ይችላል አሉኝ። ስለዚህ የሚፈርደው ልቡ በሚመታበት ሰዓት የተነሳው ኢሲጂ ነው። መስከረም ላይ የእናንተ ሐኪም የተናገሩትም ይህንኑ ነው! ቃላችሁን ብትጠብቁ ኖሮ ኅዳር ላይ ይለይ ነበር።

የቀድሞውም ጉዳይ ስለተነሳ ልጨምር። 24 ሰዓት የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ጅማ እንደሌለ ነግራችሁኝ አዲስ አበባ ልካችሁኛል፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኔ ጥቃት በወር አንዴ ነው የሚመጣው። 24 ሰዓት መመዝገብ ምን ሊይዝ ነው? ምንም አልያዘም። የታይሮይድ ምርመራዬ ውጤትም ጠፍቶ ደግሜ ከፍያለሁ። ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም የታዘዘልኝም ያለ ምንም ማብራሪያ ነው። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ስንገዳገድ ነበር። ቡናውንም ለሁለት ወር ትቻለሁ። ጅማ ተወልጄ ቡና መተው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጥቃቱ አልተወኝም።

ትዕግሥቴን የጨረሰው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የታኅሣሥ 2ቱን ኢሲጂ ኮፒ አድርጌ ወደ ካርድ ክፍላችሁ ወሰድኩ፣ ፋይሌ ውስጥ ይግባልኝ ብዬ። «የሌላ ቦታ ወረቀት አንቀበልም፣ ፋይልሽ ላይ ምርመራሽ ተጽፏል» ተባልኩ። የተጻፈው «ጭንቀት» ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ወድቄ ወደ እናንተ ብመጣ፣ የተረኛው ሐኪም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይኸው ነው። ኢሲጂው ፋይሌ ውስጥ ይግባ። «ጭንቀት» የሚለውም «ኤስቪቲ፣ በኢሲጂ የተረጋገጠ» ተብሎ ይታረም። የኅዳር 10 የኢሲጂ ክፍያ ይመለስልኝ። ካርድ ክፍል ላይም አንድ ወረቀት ይለጠፍልኝ፦ አሁን ልቤ እየመታ ነው ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ኢሲጂ ይነሳለት፣ ካርድና ክፍያ በኋላ። ሲጀመር ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሆነብኝ በኋላ ግን ተረኛው ሐኪም በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቁኝም እፈልጋለሁ።

በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልመጣልኝ ሁለቱን ኢሲጂ፣ ደብተሬን፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበትን የቀጠሮ ወረቀትና ደረሰኞቹን አያይዤ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። ቅጂው ተዘጋጅቷል።

ከአክብሮት ጋር
ታካሚያችሁ፣ የሂሳብ መምህርት
ጅማ