ቢጫ ጠርዙ እንዳይጠፋ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ፖቱ በአንድ ጎኑ አብጧል፤ ቅጠሎቹም ተፋፍገው አፈሩ እንኳ አይታይም። ስኔክ ፕላንት ቦታ ሲጠበው እንዲህ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይገፋዋል፣ ሸክላ ከሆነ ይሰነጥቀዋል። «ረጃጅሞቹን ቅጠሎች ቆርጬ ውሃ ውስጥ ላስቀምጣቸውና ሥር ሲያወጡ ልትከላቸው» ብለሽ የጻፍሽውን ሳይ ግን ቶሎ መልስ ልስጥሽ ብዬ ተነሣሁ። ቅጠሉን አትቁረጪ፤ ከሥሩ ነው መከፈል ያለበት።

ያንቺው ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ነው። ያ ቢጫ የሚመጣው በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አብረው ስለሚኖሩ ነው፤ አረንጓዴ ቀለም የሚሠሩና የማይሠሩ። ሁለቱ አብረው፣ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ይዘው ወደ አዲስ ቅጠል የሚተላለፉት በግንዱ ጫፍ ባለው ቡቃያ በኩል ነው። የተቆረጠ ቅጠል ግን ያ ቡቃያ የለውም፤ ከቁራጩ ግርጌ አዲስ መሥራት አለበት። አዲሱም አብዛኛውን ጊዜ ከአረንጓዴዎቹ ሕዋሳት ብቻ ስለሚነሣ ቢጫ የሌለው፣ ተራ አረንጓዴ ተክል ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚታለለው የተከለው ቅጠል ራሱ ቢጫውን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ከወራት በኋላ ጎኑ ላይ ብቅ የሚለው ልጅ ግን ሌላ መልክ አለው። ከሥሩ ስትከፍዪው ቡቃያው አብሮ ይሄዳል፣ ቢጫውም አይጠፋም። ጊዜም ታተርፊያለሽ፤ ከቅጠል የተነሣ ተክል አሁን ያለሽን ቁመት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ሥራው። ተክሉ በሚያድግበት ሞቃት ወቅት አድርጊው፤ በቅዝቃዜ ጊዜ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ከሳምንት በፊት ጀምረሽ ውሃ አቁሚ፤ ደረቅ አፈር በቀላሉ ይራገፋል። ፖቱን በጎኑ አስተኚና ዙሪያውን በእጅሽ ጫን ጫን እያደረግሽ አላቅቂው። ቅጠሉን ይዘሽ አትጎትቺ፤ ከግርጌው ተገንጥሎ እጅሽ ላይ ይቀራል። እንዳየሁት ከሆነ ያበጠው ፖት በዚህ ብቻ የሚለቅ አይመስለኝም። እምቢ ካለሽ ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቅደጂው፤ ፖት ይተካል።

አፈሩን በጣቶችሽ ስታራግፊ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ ነገር አግድም ሲሄድ ታገኛለሽ። ይህ ሥር አይደለም፤ ራይዞም የሚባለው፣ በአፈር ውስጥ አግድም የሚያድግ ግንድ ነው። እውነተኞቹ ሥሮች ከእሱ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ራይዞሙ ከትልቁ ክምችት ተነሥቶ ይሄድና ጫፉ ወደ ላይ ሲቀና አዲስ የቅጠል ስብስብ ይሆናል። ጣትሽን ከትንሹ ልጅ ግርጌ ጀምረሽ ወደ እናቲቱ አስኪጂው፤ መካከል ላይ ቅጠል የሌለበት አንገት ታገኛለሽ። የምትቆርጪው እዚያ ነው።

በፎቶው ላይ አንድ ትልቅ ክምችት፣ ከጎኑ ሦስት ቅጠል ያወጣ ልጅ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ገና እንደ ሾጣጣ ቀንድ ብቅ ያለ ቡቃያ አየሁ። ባለ ሦስት ቅጠሉን መለየት ትችያለሽ፤ ግን መጀመሪያ ከአንገቱ ወዲህ፣ በራሱ በኩል፣ የራሱ ሥሮች መኖራቸውን አረጋግጪ። ቀንዱን ተዪው። በዚያ ዕድሜ ላይ ገና የሚመገበው በእናቱ ነው፤ ቢቆረጥ ሊተርፍ ይችላል፣ ግን ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ ትልቁ ክምችት መካከሉ ላይ የሚከፈልበት አንገት ካልተገኘ በስተቀር ሁለት ፖት ይበቃሻል። በዛ ያሉ ትናንሽ ፖቶች ከማየት ሁለት ጠንካራ ተክል ማየት እመርጣለሁ።

ቢላው ስለታም ይሁን፤ ከመቁረጥሽ በፊትም ሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ በአልኮል ጥረጊው። እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳትዪ በአንድ ግፊት ቁረጪ። ቡናማ ሆኖ የላመ ቦታ ካገኘሽ ጠንካራውና ነጣ ያለው እስኪደርስ ድረስ ቆርጠሽ ጣዪው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትቸኩዪበት። የተቆረጠውን ጥላ ባለበት አየር ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀምጪው። ቁስሉ ስትነኪው ደርቆ ሻከር ማለት አለበት። ይህ ተክል ውሃውን በቅጠሉና በራይዞሙ ስለሚያጠራቅም ሁለት ቀን ያለ አፈር ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ያልደረቀ ቁስል እርጥብ አፈር ካገኘ ግን ይበሰብሳል።

ፖቱ ከሥሩ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ይለፍ፤ ከታችም ቀዳዳ ይኑረው። ሰፊ ፖት ደግነት ይመስላል፣ ነገር ግን ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን ይዞ ይቆያል። ለረጃጅሞቹ ሸክላ ይሻላል፤ ክብደቱ እንዳይወድቁ ይይዛቸዋል፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። ግማሽ የችግኝ አፈር፣ ፐርላይት ከሚባለው ነጭና ቀላል ጠጠር ወይም ከሻካራ አሸዋ ግማሽ ጋር ደባልቂ። ራይዞሙን በቀድሞው ጥልቀት፣ ከላይ በስሱ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ አድርጊው። እንዳይወላገድ ብለሽ ጠልቀሽ አትቅበሪው፤ ከተወላገደ በእንጨት ደግፈሽ ላላ አድርገሽ እሰሪው።

ለሳምንት ያህል ውሃ አትስጪው። ከዚያ ከታች እስኪፈስ አጠጪና ሰሃኑ ላይ የቀረውን ድፊው። ቀጣዩ ውሃ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ነው፤ ቀጭን እንጨት ሰክተሽ ብታወጪው ይነግርሻል። ብርሃን ያለበት፣ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይስማማዋል።

ከዚያ ለወራት ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሥራው ሁሉ ከአፈር በታች ነው። ቀስ አድርገሽ ስትነቀንቂው አልነቃነቅ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው። ቅጠሉ በቁመቱ ከተሸበሸበና ግርጌው ጠንካራ ከሆነ ጠምቶታል ወይም ሥሩ ገና መጠጣት አልጀመረም። ግርጌው ለስልሶ ቢጫ ከሆነና ሽታ ካለው ግን መበስበስ ነው፤ ያኔ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል። አውጥተሽ የላመውን ቁረጪ፣ አድርቂና በአዲስ አፈር ትከዪው።

አንዳንዴ ከቢጫ ጠርዞቹ መካከል ሙሉ አረንጓዴ ልጅ ይወጣል። እሱን በዚሁ መንገድ ለይተሽ ሌላ ፖት ስጪው፤ ከቢጫዎቹ ስለሚፈጥን ቦታውን ይወስድባቸዋል። ድመቷንም አርቂያት፤ ቅጠሉን ብታኝከው ሆዷን ያውካል፣ ያስታውካታል።

አፈሩን ካራገፍሽ በኋላ፣ ቢላውን ከማንሣትሽ በፊት፣ ራይዞሙን ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የትኛው አንገት ላይ እንደምትቆርጪ አብረን እናያለን።

እናትሽ