ጆሮህን ተወውና መንጋጋህን እይ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ነህ አንተ ሰው? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጠያየቅ! ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ያው ጥርስ ስነቅልና ስሞላ እውላለሁ፣ ብርዱም እንደምታውቀው ነው። ሰሞኑን ወንድምህን ገበያ አገኘሁትና ስለ ጆሮህ አጫወተኝ።

ግራ ጆሮህን ያምሃል አለኝ። ጠብታ ጨርሰሃል፣ አንቲባዮቲክም ውጠሃል፣ ሐኪሙ ግን በመብራት አይቶ «ጆሮህ ንጹሕ ነው» ብሎሃል። ከዚያ ልንለያይ ስንል፣ «ደግሞ ቆሎ ሲቆረጥም መንጋጋው ቋ ቋ ይላል፣ ጠዋት ሲነሳ ይብስበታል» ብሎ ጨመረልኝ። እሱ እንደዋዛ ነው ያወራው፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሳበው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታችኛው መንጋጋህ ከራስ ቅልህ ጋር የሚገጥመው ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት፣ አጠገቡ ማለት ይቻላል። ለዚህ መገጣጠሚያ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ወደ ጆሮ ቀዳዳና ወደ ታምቡሩም ቅርንጫፍ ይልካል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ወይም የጉንጭ ጡንቻው ሲታመም ሰውየው «ጆሮዬን» ይላል፣ ጆሮው ሲታይ ደግሞ ምንም የለበትም። ጠብታ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ የምታገለግል ስስ ነገር አለች። እሷ ከቦታዋ ወደ ፊት ከተንሸራተተች፣ አፍህን ስትከፍት አጥንቱ ተመልሶ እላይዋ ላይ ሲወጣ ቋ ይላል። ሕመም ከሌለው ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። ዕድሜ ልኩን መንጋጋው ቋ እያለ ያለ ሐሳብ የሚኖር ስንት ሰው አለ መሰለህ።

አሁን መስታወት ፊት ቁም። ሁለቱን ሌባ ጣቶችህን ከጆሮህ ፊት አድርግና አፍህን ቀስ ብለህ ክፈት፣ ዝጋ። አጥንቱ ከጣትህ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል። ግራው ላይ ስትጫን ያንኑ የምታውቀውን «የጆሮ» ሕመም ከቀሰቀሰው፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ጥርስህን ነክሰህ ጉንጭህ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻም እንዲሁ ተጫነው። ከዚያ ሦስት ጣቶችህን ደርድረህ በላይና በታች የፊት ጥርሶችህ መሀል ለማስገባት ሞክር። በደህና ጊዜ አብዛኛው ሰው ላይ ይገባሉ።

ከምን መጣ ካልከኝ፣ አንዱን ምክንያት ለይቶ መናገር ከባድ ነው። ግን አንተን አውቅሃለሁ። ተማሪ ሳለን ስታነብ ጥርስህን ገጥመህ፣ ጉንጭህ ላይ ያለው ጡንቻ ብቅ ጥልቅ ሲል አይ ነበር። አሁን ደብተር ስታርምም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም። ጠዋት የሚብስህ ደግሞ ሌሊት ጥርስ ስለምታፋጭ ይሆናል፣ ባለቤትህን ጠይቃት። ላይኛውና ታችኛው ጥርስ መነካካት ያለባቸው በምግብ ሰዓትና ስትውጥ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ከንፈርህ ይገጠም፣ ጥርስህ ግን ይለያይ፣ ምላስህ ላንቃህ ላይ ይረፍ። ደብተሮቹ ላይ «ጥርስ» ብለህ ወረቀት ለጥፍ፣ ባየኸው ቁጥር ፈታ በል።

ለጥቂት ሳምንታት ቆሎውን፣ ቋንጣውንና ማስቲካውን ተው። መንዝ ተቀምጦ ቆሎ መተው እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፣ ግን ሞክር። ገንፎ፣ ሽሮ ፍትፍት፣ ሾርባ ብላ። ስታዛጋ አገጭህን በጡጫህ ደግፍ። ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ጉንጭህና ጆሮህ ፊት ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስቴ ያዝ፣ እንዳያቃጥልህ ብቻ። አይቡፕሮፌን እንዳልልህ ጨጓራህ አለ፤ ፓራሲታሞል ይሻልሃል። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይወስዳል።

ካልተሻለህ ለሌሊት የሚጠለቅ የጥርስ መከላከያ ይሠራል። ነገር ግን «ጥርስህን ልሞርድልህ» ወይም «ደህናውን ጥርስ ልንቀልልህ» የሚል ካጋጠመህ እሺ እንዳትል። አንዴ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፣ ለዚህ ሕመምም አይረዳም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አፍህ ተቆልፎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ ፊትህ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከጆሮህ ፈሳሽ ከወጣ ወይም መስማት ከቀነሰ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ። አባትህ ወይም ሌላ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋውን እያመመው አዲስ ራስ ምታት ከመጣበትና ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዓይን ያጠፋል፣ ለነገ አይባልም። ሲራመድ ወይም ዳገት ሲወጣ የሚመጣ፣ ሲያርፍ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከሆነ ደግሞ ልብ መታየት አለበት።

እኔ እዚህ ሆኜ እየገመትኩ ነው፣ በእጄ ሳልነካው እርግጠኛ መሆን አልችልም። የመስታወቱን ሙከራ አድርገህ ጣት ስንት እንደገባና የትኛው ቦታ እንዳመመህ በስልክ ንገረኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ነፃ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከወረድክም እኔ ጋ ነው የምታድረው፣ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ወዳጅህ