ዘይቱ በሊትር፣ ጎረቤቱ በኪሎ

ባሕር ዳር
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከዋጋው ሥር የሚጻፈውን የሊትርና የኪሎ ዋጋ በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

ሐይቁ ዳር አነስ ያለች የዓሣ መጥበሻ ቤት አለችኝ። ዘይት፣ የዱቄት ሳሙናና ፓስታ የምገዛው ከእናንተ ነው። ይህን የምጽፈው ኑሮ ተወደደ ለማለት አይደለም፤ እሱማ የትም ያው ነው። ቅሬታዬ መደርደሪያው ላይ በምትለጥፉት የዋጋ ወረቀት፣ ከዋጋው ሥር በትንሹ ስለሚጻፈው ሁለተኛ ቁጥር ነው።

ትልቁ ቁጥር ካሸር ጋ የምንከፍለው ነው። ትንሹ ደግሞ የዚያ ዕቃ አንድ ሊትር ወይም አንድ ኪሎ ስንት እንደሚመጣ ይናገራል። ዋጋን በግልጽ መለጠፍ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሚያዘው ነው። እናንተ ትንሹንም ጨምራችሁ መጻፋችሁ ያስመሰግናል። የተለያየ መጠን ያለውን ዕቃ ለማወዳደር ከእሱ የተሻለ መንገድ የለም። ችግሩ እናንተ ጋ ያ ቁጥር አንዳንዴ እውነቱን ይነግረናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያሳስተናል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መደርደሪያው ሥር ቆሞ ስልክ አውጥቶ ማስላት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚሠራበትን ላሳይ። ሰሞኑን አንዱ ዘይት በሦስት መጠን ተደርድሮ ነበር። ባለ 1 ሊትሩ 330 ብር፣ ባለ 3 ሊትሩ 930፣ ባለ 5 ሊትሩ 1,590። ትልቁን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ባለ 5 ሊትሩን ያነሳል። ትልቅ ከገዙ ይረክሳል ብለን ነው ያደግነው። ትንሹ ቁጥር ግን ሌላ ይላል። የባለ 3 ሊትሩ አንድ ሊትር 310 ብር ነው፣ የባለ 5 ሊትሩ 318። መካከለኛው ነው የሚረክሰው። እኔ 15 ሊትር ስፈልግ አምስት ባለ 3 ሊትር ብወስድ 4,650 ብር ይሆናል። ሦስት ባለ 5 ሊትር ብወስድ 4,770። ያው ዘይት፣ ያው መደርደሪያ፣ 120 ብር ልዩነት። ይህንን ወረቀታችሁ ነው የነገረኝ፤ እስከዚህ ድረስ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታው የሚጀምረው ከአጠገቡ ካለው ጀሪካን ነው። የሌላ ፋብሪካ ዘይት ነው። ቁመቱም ውፍረቱም ከባለ 5 ሊትሩ ጋር መንትያ ይመስላል። ዋጋው 1,485 ብር። ከሥሩ ያለው ትንሽ ቁጥር 330 ይላል። እንግዲህ 310፣ 318፣ 330 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ ማንም ሰው 330ው ተወደደ ብሎ ያልፋል። ከ330 አጠገብ ያለችውን ቃል ለማንበብ ግን ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። «በኪሎ» ትላለች። ሌሎቹ «በሊትር» ናቸው።

ዘይት ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ግን 920 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ዘይት ዋጋ ሁልጊዜ ከአንድ ሊትሩ ዋጋ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ተወድዶ ሳይሆን ኪሎው ከሊትሩ የበለጠ ዘይት ስለሆነ ነው። ወደ ሊትር ለማምጣት የኪሎውን ዋጋ በ0.92 ማባዛት ነው። 330 ሲባዛ 304 ብር ገደማ ይመጣል። ተወደደ ተብሎ የታለፈው ዘይት ከሦስቱ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ጀሪካኑን አዙሬ ጀርባውን አየሁት። 4.5 ኪሎ፣ 4.9 ሊትር ይላል። ሁለቱም ተጽፏል። ማለትም ትክክለኛውን ለመጻፍ ማንም መገመት አላስፈለገውም ነበር፤ ፋብሪካው ራሱ ጽፎላችኋል። በዚያው ልክ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ «ከባለ 5 ሊትሩ በ105 ብር ይረክሳል» ያለ ሰውም ልክ አይደለም። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት ከ5 ሊትር ትንሽ ያንሳል። በ318 ብር ሂሳብ 4.9 ሊትር ወደ 1,558 ብር ይመጣል። እውነተኛው ልዩነት 73 ብር ገደማ ነው።

ከልጆቹ አንዱን ጠየቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እኛ አይደለንም፣ ማሽኑ ነው የሚያወጣው» አለኝ። ልክ ነው፣ ማሽኑ ነው የሚያወጣው። ማሽኑ ግን ከራሱ አያመጣም። ዕቃው መጀመሪያ ሲመዘገብ አንድ ሰው ዋጋውን፣ መጠኑንና መለኪያውን ያስገባል። ማሽኑ ማካፈል ብቻ ነው ሥራው። «4.5 ኪሎ» ተብሎ ከገባ በኪሎ ያወጣል። «4.9 ሊትር» ተብሎ ቢገባ ኖሮ በሊትር ያወጣ ነበር። መዝጋቢው እጁ ላይ የመጣለትን አስገብቷል እንጂ አጠገቡ ያለው ዘይት በምን እንደተመዘገበ አላየም።

የዱቄት ሳሙናው ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትንሿ ባለ 100 ግራም 26 ብር ናት፤ ከሥሯም «26 ብር በ100 ግራም» ተብሎ ተጽፏል። ባለ 3 ኪሎው 690 ብር ነው፤ ከሥሩ «230 ብር በኪሎ» ይላል። 26 እና 230 ጎን ለጎን! ይህ እንኳ ይቀላል፣ 26ን በ10 ማባዛት ነው፤ 260 ይሆናል፣ ትንሿ ትወደዳለች። ግን ቸኩሎ የሚገዛ ሰው ለምን ያባዛል? ለእሱ ብላችሁ አይደለም እንዴ የጻፋችሁት?

የባሰው ቀዩ ወረቀት ነው። ባለ 1 ኪሎው ሳሙና መደበኛ ዋጋው 240 ነበር። ቅናሽ ተደርጎ 215 ሆነ፣ ቀዩ ወረቀትም ከላይ ተለጠፈ። ታዲያ ትንሹ ቁጥር ያለው ከሥር በቀረው በነጩ ወረቀት ላይ ነው፤ አሁንም «240 ብር በኪሎ» እያለ ተቀምጧል። ትንሹን ቁጥር አምኖ የሚገዛ ሰው 240ንና 230ን አወዳድሮ ባለ 3 ኪሎውን ያነሳል። ሦስት ባለ 1 ኪሎ ቢወስድ ግን 645 ብር ነበር የሚከፍለው፤ 690 አይደለም። ቅናሽ አውጥታችሁ ቅናሹን ራሳችሁ ደበቃችሁት። ይህ ለእናንተስ ምን ይጠቅማል?

ፓስታውን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስላናደደኝ ነው። ወረቀቱ 72 ብር፣ ከሥሩ 144 ብር በኪሎ ይላል። ይህ ግማሽ ኪሎ ለሆነ ፓኬት ትክክል ነው። ፓኬቱ ግን አሁን ግማሽ ኪሎ አይደለም። ከጀርባ፣ ፕላስቲኩ በተጣበቀበት መስመር አጠገብ፣ «የተጣራ ክብደት 450 ግራም» ተብሎ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ፋብሪካው 50 ግራም ቀንሶ ቀለሙንም ሥዕሉንም እንደነበረ ትቶታል። ያ የፋብሪካው ጣጣ ነው፣ ከእሱ ጋር ሌላ ጉዳይ አለኝ። እናንተ ግን አዲሱን ፓኬት በድሮው መጠን እየሸጣችሁ ነው። 72 ብር ለ450 ግራም ማለት ኪሎው 160 ብር ነው። ወረቀታችሁ 16 ብር አሳንሶ ይናገራል።

ይህን ለመያዝ ከባድ ሂሳብ አያስፈልግም። ትንሹን ቁጥር ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ማባዛት ነው። ትልቁን ቁጥር ከሰጠ ደህና ነው። 144ን በ0.45 ብናባዛ 64 ብር ከ80 ሳንቲም ይመጣል፤ የምንከፍለው ግን 72 ነው። አልገጠመም ማለት ወይ መጠኑ ተለውጧል፣ ወይ ዋጋው፣ ወይ ሲመዘገብ ተሳስቷል። የእናንተም ሠራተኛ አዲስ ዕቃ ሲገባ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዷን ፓኬት አንስቶ ይህን ቢያደርግ ቅሬታዬ ግማሽ ያህሉ ባልተጻፈ ነበር።

ትንሹ ቁጥር ሁሉን ይነግራል እያልኩ አይደለም። ዘይቱ ሲጠበስ አረፋ ያወጣ አያወጣ፣ ሳሙናው ያጠራ አያጠራ እሱ አያውቅም። ቤቱ ዘይት በትንሽ በትንሹ ለሚጠቀም ሰውም ርካሹ ሊትር ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ የተከፈተ ትልቅ ጀሪካን በባሕር ዳር ሙቀት ብዙ ከቆየ ሽታው ይለወጣል። እኔ ጋ ዘይት ስለማይቆይ ይህ አያሳስበኝም። ግን ሰው ይህንን ሁሉ አመዛዝኖ እንዲወስን መነሻው ቁጥር ልክ መሆን አለበት።

የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ በአንድ መለኪያ ይጻፍ፤ ዘይት በሊትር፣ ሳሙናና ፓስታ በኪሎ፣ ትንሿ ፓኬትም ጭምር። ቀዩ ወረቀት ሲለጠፍ የራሱ የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ ይኑረው፣ ካልሆነም የድሮው ይሸፈን። «በኪሎ» እና «በሊትር» የሚሉት ቃላት ከቁጥሩ እኩል ይጉሉ። ወረቀቱ ቦታ የለውም እንዳትሉኝ፣ የሱፐርማርኬቱ ዓርማ ግማሹን ይዞታል።

እስካሁን ለገዛሁት ገንዘብ መልሱልኝ አልልም። መልሳችሁን ግን እጠብቃለሁ፤ ስሜና ስልኬ ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ አለ። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ስለምረከብ ስልክ አላነሳም፣ ከሰዓት በኋላ ደውሉልኝ። የፓስታውን ወረቀት ግን እኔን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አንሱት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ