ስለ ላክሽልኝ ሲቪ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ብርዱን ቻሉት? በመካከላችን ዝምታው ረዝሞ ቢቆይም፣ እህትሽ ሚኒያፖሊስ መግባታችሁን የነገረችኝ ዕለት የተሰማኝ ደስታ ይህ ነው አይባልም። እኛ ጋ እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ደኅና ነው፤ እናቴም ትንሽ ተሽሏታል። በእህትሽ በኩል የላክሽውን ሲቪ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ኦሃዮ ውስጥ ለአዲስ ገቢ ስደተኞች ሲቪ ማዘጋጀት ሥራዬ እንደነበር ስለምታውቂ፣ ሳልሸፋፍን ልጻፍልሽ።

የሂሳብ ሙያሽ ጉድለት የለበትም፤ ወረቀቱ ግን ሙያሽን አያሳይም። የመጀመሪያው ነገር ዓመተ ምሕረቱ ነው። በኮምቦልቻው ፋብሪካ የሠራሽበትን ጊዜ «ከ2007 እስከ 2014» ብለሽ በእኛ አቆጣጠር አስፍረሽዋል። አሜሪካዊ ቀጣሪ ይህን ሲያነብ በራሱ አቆጣጠር ስለሚወስደው፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሥራ ፈትተሽ የኖርሽ ይመስለዋል፤ ምክንያቱንም ሳይጠይቅሽ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል። ሥራ የጀመርሽው ሐምሌ 2007 ስለሆነ በእነሱ ጁላይ 2015 ነው፤ ፋብሪካው በጦርነቱ ምክንያት የቆመው ጥቅምት 2014 ስለሆነ ደግሞ ኦክቶበር 2021 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ዓመት እንደምንጨምር አትርሺ። የምረቃሽንም ሰኔ 2006 በዚሁ መንገድ ጁን 2014 አድርጊው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍተት ብዙ አይደለም፤ ምክንያቱም በካምፓላ የዚያን ነጋዴ የዕቃ መደብር ሂሳብ ስትይዢ ኖረሻል። ይህን ከሲቪው ማውጣትሽ አሳዝኖኛል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም፣ መደብሩም የምስክር ወረቀት ባይሰጥሽም፣ የሠራሽው እውነተኛ የሂሳብ ሥራ ነውና ከነዓመቱ ይግባ። የስደት ታሪክሽንና የመኖሪያ ፈቃድሽን ሁኔታ ግን አትጻፊ። የመሥራት መብትሽን የሚያረጋግጠው አይ-9 የሚባለው ቅጽ የሚሞላው ቀጣሪው ከመረጠሽ በኋላ ነው። ፎቶግራፍ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታም ይውጡ፤ እዚያ አገር አይጠየቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በኮምቦልቻው ሥራሽ ሥር የዘረዘርሽው «የሂሳብ ሥራ መሥራት፣ ሪፖርት ማቅረብ፣ ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን» የሚል ነው። ይህ ከሥራ መደብ መዘርዝር ላይ የተቀዳ ነው፤ እዚህ እኛ ሁላችን ስለለመድነው ክፉ አይመስለንም፤ የፋብሪካውን ስም ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ከፋብሪካው ስም ቀጥሎ በአንድ መስመር ምን እንደሆነ ግለጪ፦ «ዱቄትና ፓስታ የሚያመርት፣ 180 ሠራተኞች ያሉት የግል ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ፣ ኢትዮጵያ»። ይህን ያነበበ ሰው የማያውቀውን ፋብሪካ ከሚያውቀው ተመሳሳይ ድርጅት ጋር ማነጻጸር ይችላል። ከዚያ በታች የሠራሽውን በብዛቱና በድግግሞሹ አስፍሪው፦ የ180 ሠራተኞችን ወርኃዊ ደመወዝ በኤክሴል አዘጋጅታ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ቀንሳ በወቅቱ አሳውቃለች፤ የሦስት ባንኮችን ሂሳብ በየወሩ አስታርቃለች፤ የዓመቱን ሂሳብ ዘግታ ለውጭ ኦዲተር አቅርባለች። ቁጥሮቹን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔ ያስቀመጥኳቸው ካጫወትሽኝ ነውና አስተካክያቸው። በቃለ መጠይቅ ቢጠይቁሽ ልታስረጂው የማትችይው አንድም ቁጥር እንዳይገባ።

ስለ ግብር ስትጽፊ ተጠንቀቂ። የእኛን 15 በመቶ ቫት «የሽያጭ ታክስ» ብለሽ ተርጉመሽዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የእነሱ የሽያጭ ታክስ ከመጨረሻው ሸማች ብቻ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ቫት በየደረጃው ተከፍሎ በግዢ የተከፈለው ከሽያጩ ላይ የሚቀናነስ ነው። አዋቂ ቀጣሪ ልዩነቱን ወዲያው ያያል። «በየወሩ የግዢና የሽያጭ ደረሰኞችን አመሳክራ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ አዘጋጅታለች» ብትይ ግን እውነትም ነው፤ ጥንቃቄሽንም ያሳያል።

ሂሳብ የምትይዢበትን ሶፍትዌር፣ ፒችትሪን፣ ከታች በአንድ ጥግ «የኮምፒውተር ችሎታ» በሚል ርዕስ ሥር ቀብረሽዋል። ይህ ሶፍትዌር አሜሪካ ውስጥ ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 እየተባለ ይሸጣል፤ «ሴጅ 50፣ ቀድሞ ፒችትሪ» ብለሽ ከላይ አውጪው። በሲቪሽ ላይ ካለው ሁሉ፣ የማያውቁትን አገር አልፎ ቀጥታ የሚገባቸው ይኸው ነው።

ዲግሪሽን በተመለከተ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑን በአጭሩ ጥቀሺ። «ከአሜሪካ ባችለር ዲግሪ ጋር አቻ» የሚለውን ግን የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር የሚያነጻጽር ድርጅት የሚሰጥሽ የግምገማ ውጤት እጅሽ ሳይገባ አትጻፊ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው የዲግሪውን ደረጃ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ኮርስ በኮርስ ከነውጤቱ ይዘረዝራል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ወደፊት ሲፒኤ ለሚባለው የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ መፈተን ካሰብሽ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነውና ሁለት ጊዜ እንዳትከፍዪ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊትም የሚኒሶታ የሂሳብ ሙያ ቦርድ የየትኛውን ገምጋሚ ውጤት እንደሚቀበል ጠይቂ። እስከዚያው ለሂሳብ ረዳትነትና ለደመወዝ ክፍል ሥራ የሲፒኤ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ማመልከቻሽን ወደዚያ አቅኚው።

የቀረው ጎዶሎ አሜሪካ ውስጥ በሂሳብ ሙያሽ የሚያውቅሽ ሰው አለመኖሩ ነው። እዚያ ቀጣሪ ማኅተም ያለበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይቶ ብቻ አያምንም፤ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። የኮምቦልቻው አለቃሽ በኢሜይል ቢመሰክሩልሽ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ስለዚህ ቪታ የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የግብር ማሳወቂያ በነፃ የሚሞላውን የፌዴራል ገቢዎች መሥሪያ ቤት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ፈልጊ። ሥልጠና ሰጥተው በፈተና ያረጋግጡሻል፤ ሥራው የሚጧጧፈው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ስለሆነ አሁኑኑ መመዝገብ ይኖርብሻል። አንድ ወቅት ካገለገልሽ፣ በሲቪሽ አናት ላይ የአሜሪካ ግብር ልምድና ስልክ የሚያነሳልሽ ኃላፊ ይኖርሻል። እዚያ በያዝሽው የመጋዘን ሥራም አትፈሪ፣ አትፈሪበትም፤ በአንድ መስመር ከታች ይግባ፣ የፈረቃ ኃላፊሽም በሰዓት መግባትሽን ይመስክሩልሽ።

የትምህርት ማስረጃሽን ነገር ለእኔ ተዪልኝ። ብዙዎቹ ገምጋሚዎች ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚፈልጉ፣ ያለሽ ስቱደንት ኮፒ አያገለግልም። ሬጅስትራር ጋ እዚሁ ደሴ ሄጄ ላስጨርስልሽ እችላለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽ መከፈሉን ይጠይቃሉ። ደረሰኙ እህትሽ ጋ ካለ ትፈልገው፤ አንቺም የገምጋሚውን ድርጅት አድራሻና የሰጡሽን መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም በስምሽ እንድጠይቅ የሚያስችለኝን ውክልና ላኪልኝ። ስምሽ በዲግሪው ላይ የተጻፈበትና በአሜሪካ ወረቀትሽ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መሆኑንም ተመልከቺ፤ ከተለያየ ከውክልናው ጋር ጻፊልኝ፣ ሁለቱንም ለገምጋሚው አብረን እናሳውቃለን።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ያስተካከልሽውን ሲቪ እጠብቃለሁ።

ጓደኛሽ